አመዳም ፊት፣ ጠቋቁር ምልክትና የስክራብ ነገር

ቲክቶክ ላይ ስለ ፊት አያያዝ የሚያወሩ የአማርኛ ቪዲዮዎችን አንድ ምሽት የተከታተለ ሰው ምክሩ ሁሉ ወደ አንድ ነገር እንደሚያመራ ያስተውላል። ፊትን መላጥ። የቡና አተላ በስኳር፣ ሎሚ በማር፣ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ፣ አለዚያም ከውጭ የመጣ ቀይ አሲድ። ተናጋሪዋ ከላይ ያለውን «የሞተ ቆዳ» ስናነሳው ከሥሩ የጠራ ፊት ይወጣል ትላለች። ማጠቡና መቀባቱ እግረ መንገድ ይነሳል፤ ፀሐይ ደግሞ ጭራሽ አትነሳም።

እኔ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። እንደኛ ቡናማና ጠይም ቆዳ ባለው ሰው ፊት ላይ መላጥ ከሁሉ ያነሰ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣውም ከእሱ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሰዎች «ፊቴ አልጠራም» ሲሉ ምን እያዩ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተደባልቀው ነው።

የመጀመሪያው አመዳምነት ነው። ቆዳ ሲደርቅ ከላይ ያሉት ቀጫጭን ቅርፊቶች ጠርዛቸው ይነሳል። በመሃላቸው አየር ይገባል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትኑታል፤ ፊቱ ግራጫ ይመስላል። በነጭ ቆዳ ላይ ይህ እምብዛም አይታይም፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ከሩቅ ይለያል። ማወቂያው ቀላል ነው። ጉንጭዎ ላይ ትንሽ ሎሽን ቀብተው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ግራጫው ከጠፋ ችግሩ ድርቀት ነበር። ይህን ፊት በስኳር ማሸት ድርቀቱን ያባብሰዋል። ለአንድ ቀን ይለሰልሳል፤ በማግሥቱ ግን ከበፊቱ ብሶ ይነጣል። ሰውየው ደግሞ «አልበቃውም» ብሎ እንደገና ያሻል።

ሁለተኛው ጠቋቁር ምልክት ነው። ብጉር ከዳነ በኋላ የሚቀረው፣ ምላጭ ከነካው በኋላ የሚመጣው፣ የሚያቃጥል ክሬም ትቶት የሚሄደው። ቀለም የሚሠሩት የቆዳ ሕዋሳት ቁጥራቸው በነጭም በጥቁርም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሜላኒን ሠርተው እንዴት እንደሚበትኑት ላይ ነው። የኛዎቹ ፈጣን ናቸው። ቆዳው በተቆጣ ቁጥር፣ ምክንያቱ ብጉርም ይሁን ጥፍር ወይም ሎሚ፣ ሜላኒን ያፈስሳሉ። ቁጣው በሳምንት ያልፋል፤ ቀለሙ ግን ይቆያል። ስለዚህ ጠቋቁር ምልክትን በኃይል እያሹ ለማጥፋት መሞከር እሳትን በቤንዚን እንደማጥፋት ነው።

የምልክቱ ቀለም ራሱ ብዙ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ሜላኒኑ ከላይኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ቁጣ ካልመጣና ፀሐይ ካልበዛበት በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ ግማሽ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድም ይችላል። ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ግን ቀለሙ ወደ ታች ወርዷል። እዚያ ድረስ ስክራብም፣ ቤት ውስጥ የሚቀባ አሲድም አይደርስም። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያድናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ማታ መታጠብ፣ ማርጠብ፣ ጠዋት ከፀሐይ መከላከል፤ ከዚያ ቆዳው ሲረጋጋ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ቀስ ብሎ መላጥ። ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያለው ሰው ችግር ሲመጣ የትኛው እንዳመጣበት አያውቅም።

መታጠብን እንያዝ። የተለመደው የገላ ሳሙና ፒኤቹ፣ ማለትም ኮምጣጣነቱን የሚለካው ቁጥር፣ ከ9 እስከ 10 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። የጤነኛ ቆዳ ላይኛው ክፍል ደግሞ 5 አካባቢ፣ ማለትም ትንሽ ወደ ኮምጣጣ ያደላ ነው። በሳሙና ሲታጠቡ ያ ኮምጣጣነት ይጠፋል። ተመልሶ እስኪስተካከል ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ቆዳው ውኃ ያፈስሳል፤ የሚቀቡት ነገር ሁሉም ቶሎ ያቃጥለዋል። ከታጠቡ በኋላ ፊትዎ ተወጥሮ ፈገግ ማለት እስኪያስቸግር ከያዘዎት፣ ያ «ንጽሕና» ሳይሆን ዘይቱ መገፈፉ ነው። በልብስ ሳሙና ፊቱን የሚታጠብም አይጠፋም፤ «ብጉር ያደርቃል» ይባላል። ብጉሩን ያደርቅ ይሆናል፤ ቀሪውንም ፊት አብሮ ያደርቀዋል።

በፋርማሲና በኮስሞቲክስ ቤት የሚገኝ፣ ሽታ ያልበዛበት የፊት መታጠቢያ ጄል ወይም ክሬም ይሻላል። አረፋው ትንሽ ቢሆን አይደንቅ። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ መጠን በእርጥብ መዳፍ ላይ አድርገው፣ በጣት ጫፍ ብቻ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያሽከርክሩ። ሙቅ ሳይሆን ለብ ያለ ውኃ ይጠቀሙ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው አይጨነቅ፤ አንድ ጆግ ይበቃል። ዋናው በፀጉር መስመርና በመንጋጋ ሥር የሚቀረውን በደንብ ማለቅለቅ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ ላይ የሚወጣበት ሽፍታ ያልታጠበ ሳሙና ነው። ከዚያ በፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ ነው፤ ያውም በግማሽ። በዚህ ዓይነት የሚታጠቡት ማታ ነው። ጠዋት ፊቱ ደረቅ የሆነ ሰው ውኃ ብቻ ይበቃዋል፤ ወዛም የሆነ ሰው ያንኑ መታጠቢያ ቢደግም ችግር የለውም።

በግማሽ ያልኩት በምክንያት ነው። ሎሽን ውኃ አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚይዘው። ፊቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ከተቀባ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ሙሉ ለሙሉ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ሎሽን ግን የሚይዘው ውኃ ያነሰ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ፣ ደጋ ላይ አየሩ በሚደርቅበት ወቅት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ግሊሰሪንን ማንሳት ግድ ነው። በየቤቱ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ጥሩም ነው። ሆኖም ውኃ ሳቢ ነው። ንጹሕ ግሊሰሪን በደረቅ ፊት ላይ፣ በደረቅ አየር ውስጥ ሲቀባ ከውጭ የሚስበው ውኃ ስለማያገኝ ከራሱ ከቆዳው ሥር ይስባል። «ግሊሰሪን ፊቴን አጠቆረው፣ አቃጠለው» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንዲህ የቀቡ ናቸው። በእርጥብ መዳፍ ላይ ሁለትና ሦስት ጠብታ አድርጎ፣ እርጥብ ፊት ላይ መቀባት፣ ከላዩ ደግሞ ስስ ቫዝሊን ወይም ሎሽን ማልበስ ነው ትክክሉ። ግሊሰሪኑ ይስባል፤ ቫዝሊኑ ይዘጋል። በጠርሙስ ከውኃ ጋር አደባልቆ ለወር ማስቀመጥን አልመክርም፤ መከላከያ የሌለው ውኃ ባክቴሪያ ያበቅላል።

ፊቱ ብጉር የሚያወጣና ወዛም የሆነ ሰው ከቫዝሊን ይልቅ ቀለል ያለ ሎሽን ይምረጥ። ማርጠብን ግን አይተው። ወዝና እርጥበት የተለያዩ ናቸው፤ ፊቱ በዘይት እያብለጨለጨ ከሥሩ የደረቀ ሰው ብዙ ነው።

ቅቤንም ሳላነሳ አላልፍም። ፀጉር ላይ የሚደረግ ቅቤና ወፍራም የፀጉር ቅባት ሌሊት በላብና በትራስ አማካይነት ወደ ግንባር ይወርዳል። የፀጉር ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ጥቃቅን፣ ተመሳሳይ የሆኑ ጉብጉብታዎች ያወጣል። የቆዳ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ሰውየው ግን ቅቤው ፀጉሩ ላይ ስለሆነ ከፊቱ ጋር አያገናኘውም፤ ግንባሩን በስክራብ ያሻል፤ ጉብጉብታው ይቆጣል፤ ከዚያ ጠቋቁር ምልክት ይተካል። ቅቤ መቀባት አያስከለክልም። ከፀጉር መስመር ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ መቀባት፣ ሲተኙ በሻሽ መጠቅለል፣ ጠዋት ግንባርን መታጠብ ይበቃል። ጉብጉብታው ለመጥፋት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ወደ ፀሐይ እንምጣ፤ ለፊት ጥራት ትልቁ ሥራ እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚህ ላይ ወደ ምድር ወገብ መቅረባችን ይደመርበታል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ጨረሩ አይሰማንም። በሰመራ ሙቀት ጥላ የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ «ደስ የሚል ፀሐይ» ብሎ ይቀመጥበታል። ምልክቱን የሚያጠቁረው ሙቀቱ ሳይሆን ብርሃኑ ነው።

ለጠይም ሰው ሌላ ነገር አለ። የሚታየው ብርሃን ራሱ፣ በተለይ ሰማያዊው ክፍሉ፣ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቀለም ያስወጣል። ተራ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አልትራቫዮሌቱን እንጂ ይህን አይከለክልም። የሚከለክለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ይህም ቡናማ ቀለም ባላቸው ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ማቅለሚያ ነው። ስለዚህ ማድያት ወይም ብዙ ጠቋቁር ምልክት ያለበት ሰው ከቆዳው ጋር የሚሄድ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ቢያገኝ ሁለት ጥቅም አለው። ይከላከላል፤ ደግሞም ነጭ ሆኖ አይቀርም። ነጭ ሆኖ መቅረቱ ብዙዎቻችንን ከሰንስክሪን ያጣላን ነገር ነው።

ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት ሥር እስከ ጫፋቸው ሁለት መስመር አውጥተው፣ ያን ሁሉ ፊትና አንገት ላይ ያዳርሱ። በዚህ መጠን ጠዋት ጠዋት ቢቀቡ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ከአንድ ወር ተኩል አይዘልም። ስድስት ወር ከቆየልዎት እየተከላከሉ አይደለም። ውጭ የሚውል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለበት። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ብር ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሌላ ዓለም ሆኗል። እንግዲህ ሰንስክሪኑን ለፊት ብቻ አውሎ ቀሪውን በዣንጥላና በሰፊ ባርኔጣ መሙላት ነው። ነጠላ ሳስቶ የተሠራ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል፤ ካልታጠፈ አያድንም። ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል የሚቀመጥ ሰውም እንዳይዘናጋ፤ ምልክትን የሚያጠቁረው የጨረር ዓይነት በመስታወት ያልፋል።

አሁን መላጥ ይምጣ። ቆዳ ራሱን ያድሳል። በወጣት ሰው ላይ ከሥር የተወለደ ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እኛ የምናደርገው ለመርገፍ የተዘጋጀውን ጥቂት ማገዝ ነው። ገና ያልተዘጋጀውን ከገፈፍን ከሥሩ ያለው ጥሬ ነው፤ ይቃጠላል፤ ይጠቁራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጣም ለስላሳ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ነው። ከታጠቡ በኋላ ያለ ጫና ለግማሽ ደቂቃ ፊት ላይ ማዞር፣ በሳምንት አንዴ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለብዙ ሰውም ይበቃል። ሁለተኛው ለስለስ ያለ አሲድ ነው። ከሁሉ ላክቲክ አሲድን እመርጣለሁ። ከግላይኮሊክ አሲድ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚገባ የማቃጠል ዕድሉ ያንሳል፤ ውኃም ይይዛል። 5 በመቶ ለጀማሪ ይበቃል። 10 በመቶ የቤት ውስጥ ጣሪያ ቢሆን ይሻላል። ጥቁር ነጥብና ብጉር የሚያስቸግረው ወዛም ፊት ደግሞ ሳሊሲሊክ አሲድ እስከ 2 በመቶ ይስማማዋል፤ ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ቀዳዳው ድረስ ይደርሳል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ትንሽ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ምንም ካልሆነ ማታ፣ ፊት ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ስስ አድርገው ይቀቡ። የዓይን ዙሪያን፣ የአፍንጫ ጎንና የከንፈር ጥግን ይዝለሉ። ትንሽ መቆንጠጥ ለአንድ ደቂቃ ቢሰማ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈና ካቃጠለ ይታጠቡት። ከላይ ሎሽን ይከተላል። በዚያ ምሽት ሌላ ምንም «ጠንካራ» ነገር አይደረብም፤ በተለይ ሬቲኖል። ጢም በተላጩ ወይም በክር በተነቀሉ ቀንና ማግሥት አሲድ አይነካም። ለወንዶች እንዲያውም ምላጭ ራሱ መላጥ ነው። ጢሙ ጥቅልል የሆነ ሰው አንገቱ ላይ ፀጉሩ ተመልሶ ሲገባ የሚወጡትን ጉብጉብታዎች በስክራብ ሲፈትግ ወደ ጥቁር ነጥብ ይለውጣቸዋል። አንዳንድ ፀጉር ቤት ተላጭቶ እንዳበቃ «ፊትህን ላጽዳልህ» ብለው የሚቀቡትን ባለ ጠጠር ክሬም እምቢ ማለት ነውር አይደለም።

አሲድ ከተቀቡ በኋላ ቆዳው ለፀሐይ ይሳሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ ላክቲክና ግላይኮሊክ ያሉ አሲዶች ያሉባቸው ምርቶች ካቆሙ በኋላም ለአንድ ሳምንት ከፀሐይ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ እንዲጻፍባቸው ይመክራል። ሰንስክሪን የሌለው ሰው አሲድ ባይጀምር ይሻላል። ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ሎሚስ? የኛ ሎሚ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ናት። ፒኤቿ 2 አካባቢ ነው፤ ከየትኛውም ጥሩ የፊት አሲድ የበለጠ ታቃጥላለች። ከዚያ የባሰው ግን በልጣጯና በጭማቂዋ ያለው ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ቃጠሎው ወዲያው አይመጣም፤ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ይቀላል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድን ጠቋቁር መስመር ይተዋል፤ ለወራት ይቆያል። ስለሚዘገይ ሰዎች ከሎሚው ጋር አያገናኙትም። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ወደ ሳሙናው ወገን ነው። የቡና አተላና ስኳር ጠርዛቸው ሹል ነው፤ ለተረከዝና ለክርን ይሁኑ፤ ለፊት አይሁኑ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። ቦሌ አካባቢ እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራ የ26 ዓመት ልጅ እናስብ፤ ሰላም እንበላት። ግንባሯ ላይ ጥቃቅን ጉብጉብታ አለ። ጉንጮቿ ላይ ብጉር አፍርጣ የቀሩ ቡናማ ምልክቶች አሉ፤ አገጯ ላይ ደግሞ ሁለት ግራጫ የቆዩ ምልክቶች። ጠዋትና ማታ በገላ ሳሙና ትታጠባለች። አንድ ቀን እየዘለለች በሎሚና በስኳር ታሻለች። ከዚያ ፊቷ ሲደርቅ ቫዝሊን ትቀባለች። «ሁሉንም እያደረግኩ ነው፤ አይጠራልኝም» ትላለች።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ምንም መላጥ የለም። ሳሙናው በለስላሳ መታጠቢያ ይተካል፤ ማታ ብቻ። እርጥብ ፊት ላይ ሎሽን፣ ጠዋት ቀለም ያለው ሰንስክሪን። የፀጉር ቅባቱ ከግንባር ይርቃል፤ የትራስ ልብሱ በየሳምንቱ ይታጠባል። ብጉር አይፈርጥም። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ስትታጠብ የነበረው ማቃጠል ይቆማል፤ አመዳምነቱም ይጠፋል። ብዙ ሰው «ፊትሽ አበራ» የሚላት እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ምንም ስክራብ።

በአምስተኛው ሳምንት ላክቲክ አሲድ 5 በመቶ ቅዳሜ ማታ ትጀምራለች። በስምንተኛው ምንም ካላቃጠላት ረቡዕን ትጨምራለች። እዚያ ላይ ትቆማለች። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ቀን ካነሳችው ፎቶ ጋር ታመሳክራለች፤ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ያለ ፊልተር። የምታየው ምንድን ነው? አዲስ ምልክት የለም። የጉንጮቿ ቡናማ ምልክቶች ሳስተዋል እንጂ አልጠፉም። የግንባሯ ጉብጉብታ ቀንሷል። የአገጯ ግራጫዎች እንዳሉ ናቸው። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ቡናማዎቹ ካልሳሱ ወይም ግራጫዎቹ ካሳሰቧት ወደ ቆዳ ሐኪም መሄጃዋ አሁን ነው።

በመሃል ከመጠን ያለፈ መላጥ ቢጀምራት እንዴት ታውቃለች? ዘወትር የምትቀባው ሎሽን ድንገት ያቃጥላታል። ፊቷ እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ይህን ማብለጭለጭ ብዙዎች ጥራት ይሉታል። ከአፍንጫ ጎን ይላጣል፤ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍቶች ይወጣሉ። ያኔ አሲዱ ይቆማል። መታጠቢያ፣ ሎሽን፣ ቫዝሊን፣ ሰንስክሪን ብቻ ለሁለትና ሦስት ሳምንት፤ እስኪረጋጋ። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚልከው ጠርሙስ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነው። አንዳንዱ 30 በመቶ አሲድ ያለበት፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ ተቀብቶ የሚታጠብ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን መመሪያውን ያነበበ የለም፤ እንደ ሎሽን ተቀብቶ ይታደርበታል።

አሥራ ሁለት ሳምንት ረጅም ነው። «ሚክስ» የሚባለው፣ በየኮስሞቲክስ ቤቱ በማንኪያ ተደባልቆ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠው ክሬም የሚያሸንፈውም በዚህ ነው፤ በሳምንት ይሠራል። ለምን በሳምንት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። እንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። ስቴሮይድ የደም ሥር ያጠብባል፤ ቁጣን ያፍናል፤ ቀለም ይቀንሳል። ፊቱ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይፈካል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ሁሉም አንድ መጠን ያላቸው ብጉሮች ይወጣሉ፤ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል። ክሬሙ አንድ ቀን ሲቀር ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ፊት ፈክቶ የጣት መገጣጠሚያዎች ጠቁረው ከቀሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ክሬም እንደተቀባ ሌላ ምልክት ነው።

ሃይድሮኩዊኖን የሚባለው ቀለም ቀናሽም እንዲሁ። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለጥቂት ወራት፣ በተወሰነ መጠን ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ገደብ ለዓመታት ሲቀባ ግን ራሱ ሰማያዊ ጥቁር፣ እንደ አሸዋ የሻከረ ምልክት ያወጣል። ይህን በደቡብ አፍሪካ የቆዳ ሐኪሞች በ1975 እ.ኤ.አ. በሰፊው ገለጹት፤ አገሪቱም በ1990 እ.ኤ.አ. ከመዋቢያ ምርቶች ከለከለችው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ኩላሊት ድረስ ይገባል፤ ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉ መዋቢያዎችን ያግዳል።

እንዲህ ያለ ክሬም ለወራት ሲቀባ የቆየ ሰው ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ዕቃውን ባይጥለው ጥሩ ነው። ጠንካራ ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ፊቱ በቀናት ውስጥ ሊያብጥና ሊቀላ ይችላል። ሰውየውም ደንግጦ ወደ ክሬሙ ይመለሳል። ሐኪም ቀስ በቀስ እያሳነሰ ያስወጣዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ሌላም ቦታ የቆዳ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሆናል። ሲሄዱ ዕቃውን ይዘው ይሂዱ፤ ስም ባይጻፍበትም። ስንት ወር እንደተቀቡት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ፊት ብቻ ወይስ ገላም ጭምር መሆኑን ሐኪሙ ይጠይቅዎታል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ እሱ ሳይጠይቅ ይንገሩት።